የዝናብ ጌታ ልብ

በራጅ ክፍሌ በር አጠገብ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ መደርደሪያ አለ። ያሠራሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ መጀመሪያ «ይህ ሆስፒታል ነው ወይስ ገዳም?» እያለ ያላግጥብኝ ነበር፤ አንድ ሳምንት እኔን ተክቶ ከሠራ በኋላ ግን አፉን ዘጋ። ደረቱን ራጅ የሚነሳ ሰው አንገቱ ላይ ያለውን ሁሉ ማውለቅ አለበት። የእኛ አገር ሰው ሰዓትህን አውልቅ ሲባል ያወልቃል፤ ክታብህን አውልቅ ሲባል ግን ነፍሱን የጠየቁት ይመስለዋል። ሱሪና ካልሲ ከሚቀመጥበት ቅርጫት ውስጥ ጣለው ከተባለማ፣ ሳይመረመር ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ መደርደሪያውን አሳየዋለሁ። ክታቡን በሁለት መዳፎቹ መካከል ይዞ እስከ ግንባሩ ያነሳዋል፣ ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ «አሁን መጣሁ» ይለዋል፣ ከዚያ ያስቀምጠዋል። ተመልሶም ሲያጠልቀው እንዲሁ ያደርጋል።

ባለፈው ዓመት የጭነት መኪናው የተገለበጠበት ሹፌር አመጡልኝና ጭንቅላቱን ራጅ አነሳሁት። ፊልሙ ላይ በጉንጩና በጥርሱ መካከል እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ትንሽ የነሐስ ቡድሃ ታየ። መኪናው ሲንከባለል አፉ ውስጥ ከትቶት ኖሯል።

«ለምንድነው ያላወጣኸው?» አልኩት።

«አንቺ ብትሆኚ ታወጪው ነበር?» አለኝ።

መኪናው ድራሹ ጠፍቷል፤ እሱ አንድ ጥርስ ነው የተነቃነቀበት። ዶክተሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ያን ቀን ማታ ግን የራሴን ክታብ አውጥቼ አበባ ሰጠሁት።

ስሜ ኦይ ነው። የተወለድኩት ከሆስፒታሉ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው በሁዋይሳይ መንደር ነው። መንደራችን የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዝናብ ጌታ። ከቲክ እንጨት የተቀረጸ፣ ቁመቱ የተቀመጠ ልጅ የሚያክል፣ ወርቁ ከጉልበቱ ላይ በእጅ ብዛት የተላጠ የቡድሃ ምስል ነው። ሰማይ ሲዘጋ ከዙፋኑ ወርዶ በእርሻው መካከል በትከሻ ይዞራል። ሽማግሌ ልጅ ሳይል ሁሉም የጃስሚን አበባ የገባበት ውሃ ይረጨዋል። ረጥቦ እየተንጠባጠበ እስከ ግድቡ ሄዶ ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ በሰባተኛው ቀን፣ አንዳንድ ጊዜ በዚያው ከሰዓት ይዘንባል። ሳይዘንብ የቀረበትም ዓመት አለ፤ ያኔ የመንደሩ ሴቶች ከፊቱ ቁጭ ብለው ይወቅሱታል። የሚወቀሰው የሚሰማ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ተሰረቀ። ገዳሙ በምትኩ ከስሚንቶ ሌላ አሠራ። ስሚንቶው መጥፎ አይደለም፤ ተማሪዎች ለፈተና ይለምኑታል ይባላል። ዝናብ ግን ማንም ለምኖት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ የግል ቤተ መዘክር ያሳተመው የግድግዳ ካሌንደር በአንድ ዘመድ እጅ ወደ መንደር ገባ። ሜ ኡይ ቡዋካይ፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አያት የሆነች ሴት፣ ገጹን እያገላበጠች ሚያዝያ ላይ ስትደርስ ተንበረከከች። የዝናብ ጌታ በጥቁር ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ መብራት በርቶበት አያት። ካሌንደሩን ግድግዳው ላይ ሰቅላ አበባ አደረገችበት። ግንቦት ሲገባ ገጹን የሚገልጥ ሰው ጠፋ፤ በሜ ኡይ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሚያዝያ ነበር።

የቤተ መዘክሩ ባለቤት የሆነው ባለሀብት ምስሉን አልሰጥም አለ። አያቱ ከሰማንያ ዓመት በፊት ከሌላ አገር ያመጡት ነው ይላል። እንዲህ ያለ የእንጨት ቡድሃ በሰሜኑ ውስጥ በመቶ ይቆጠራል፤ ከሥሩ የነበረውን ጽሑፍም ሰው ፍቆታል። ጠበቃው ዊሩት ወደ መንደራችን መጥቶ በትሕትና አነጋገረን፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ።

«ምስል እኮ ምልክት ነው» አለ። «እምነቱ ያለው በልባችሁ ውስጥ ነው። የስሚንቶውም ያው ቡድሃን ያስታውሳችኋል።»

ሜ ኡይ ቡዋካይ አፏ ውስጥ የያዘችውን የሚታኘክ ቅጠል እያላመጠች ሰማችው። «ልብ ያልከው የማንን ነው ልጄ?» አለችው። «የእኛን ነው የእሱን?»

ጠበቃው ፈገግ አለ። ያልገባው ነገር ነበር። በእኛ በኩል ምስል ሲቀረጽ ገና እንጨት ነው። ጀርባው ይከፈትና ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጀት ከብር ተሠርቶ በየቦታው ይገባለታል፤ ቀዳዳው በእንጨት ክዳንና በሙጫ ይደፈናል። ከዚያ ዓይኑና ጆሮው በንብ ሰም ይታሸጋል፣ ራሱ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ከእጁ የጥጥ ክር ተስቦ መነኮሳቱ እጅ ላይ ይደርሳል። ቡድሃ እንዴት እንደነቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነቡለታል፤ እንደ ደቀ መዝሙር ያስተምሩታል። ጎህ ሲቀድ ሰሙ ይነሳል፣ በማር የተቀቀለ ሩዝ ይቀርብለታል፣ መስታወት ይያዝለታል። ከዚያ ወዲያ ነዋሪ ነው።

ከቅርስ መሥሪያ ቤት የመጣችው ሴትዮ ይህን ታውቅ ነበር። ነገሩን የቆረጠችውም በዚህ ነው። «ሁለታችሁም በውስጡ ምን እንዳለና የት እንዳለ ጻፉ» አለች። «ፖስታው ይታሸጋል። ከዚያ በራጅ እናየዋለን። ያወቀ ይወስደዋል። ከተስማማችሁ ፈርሙ፤ ኋላ ማልቀስ የለም።» ሁለቱም ወገን ፈረሙ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገዳሙ አዳራሽ ተሰበሰብን። የመንደሩ ሹም ካምሳይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ሥራው ቀላል መሰለው። የዝናብ ጌታን ልብ ያስገባው ሰው በሕይወት አለ፤ አያት ስንል ፖ ኡይ የምንለው ሲንግካም፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፣ በወጣትነቱ መነኩሴ የነበረ። መነኩሴ ሆኖ የወጣ ሰው በእኛ ዘንድ እንደ ተማረ ይከበራል፤ ሲንግካም ግን ሁልጊዜ ከአዳራሹ ምሰሶ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ጌታው ከመሰረቁ በፊትም እዚያው ነበር ይላሉ። መቶ ስምንት ፍሬ ያለው መቁጠሪያው ከእጁ አይለይም። ጣቱ ከፍሬ ወደ ፍሬ ሲሄድ ከንፈሩ ባይነቃነቅም እየጸለየ መሆኑን እናውቃለን፤ ጨዋታ ሲሰማም፣ ሲያንቀላፋም ጣቱ ይሄዳል።

«ልብ፣ ከብር» አለ ካምሳይ እየጻፈ። «በግራ ደረት። አይደል ፖ ኡይ?»

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ። በሕይወቴ ቆሞ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አይደለም» አለ ሲንግካም።

«ምኑ አይደለም? ብር አይደለም?»

«ብሩስ ብር ነው። የቡዋካይ አምባር ነው፤ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። በግራ አይደለም። በቀኝ ነው።»

ካምሳይ ሳቀ። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ተወው። ሲንግካም ከምሰሶው ጀርባ እንደተቀመጠ፣ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ምስጥ የጀርባውን ክዳን በልቶት የሆድ ዕቃው ወደቀ፣ የድሮው ልብም ጠፋ፤ ዓይኑን በሰም አሽገን ሥርዓቱን እንደገና ጀመርን። መምህሬ ታመው ነበር፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከጌታው ፊት ተንበርክከን ሳለ ‹ልቡን በቀኝ እጅህ በኩል አድርገው› አሉኝ። ፊት ለፊት ነበርን፤ የእኔ ቀኝ የእሱ ግራ ነው። በማግስቱ ሥራው ሲደርስ ቀዳዳው በጀርባው ነው፤ ዞሬ ሄድኩ። ቀኝ እጄም አብሮኝ ዞረ። ልቡን በቀኝ፣ ጉበቱን በግራ፣ ሁሉንም ገልብጬ አስገባሁና ደፈንኩት። ያወቅሁት ሰሙ ከዓይኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ሕዝቡ ሲሰግድ እኔም ከፊቱ ልሰግድ ስንበረከክ እጆቼን አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልከፈቱትም?» አለ ካምሳይ።

«ዓይኑ ተከፍቶ ነበር አልኩህ እኮ። ዓይኑን የከፈተን ሰው ደረቱን ማን ይሰነጥቃል?»

እሱ ቀጠለ። «ምንኩስናውን የተውኩት በሴት ምክንያት ነው ትላላችሁ። ሚስቴም ያንን እያለች ደስ ብሏት ኖረች፤ አልነፈግኋትም። የተውኩት በዚህ ነው። ዝናብ የዘገየ ዓመት ሁሉ በእኔ ነው ብዬ ሆዴን በላኝ። ሲሰረቅም፣ ልቡ ቀና ቢሆን ኖሮ እምቢ ብሎ እዚያው ይቀመጥ ነበር አልኩ።»

አንድ ሰው ከኋላ «ስድሳ ሁለት ዓመት ለተገለበጠ ጌታ ሰግደናል ማለት ነው» አለ። ሲንግካም ራሱን ደፋ። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ሲኖር በየቀኑ እንደ ልማዳችን ሰላምታ «ሩዝ በሉ ወይ?» ብዬ አልፌው ስሄድ ኖሬያለሁ።

«የዘነበው ዝናብስ?» አለች ሜ ኡይ ቡዋካይ ወደ ተናጋሪው ዞራ። «ተገልብጦ ነው የዘነበው? ሩዝህ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ነው የበቀለው? ዝም በል እስቲ።»

ካምሳይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። «ፖ ኡይ፣ አይቆጡኝ፤ ስድሳ ሁለት ዓመት ረጅም ነው። ትዝታዎ ቢሳሳትስ? በቀኝ ብለን ጽፈን በግራ ከተገኘ ጌታው ለዘላለም ሄደ። በግራ ብንጽፍ ልማዱም ነው፣ መጽሐፉም የሚለው ነው።»

እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ ካምሳይ፣ በቀን አርባ ሰው አያለሁ። ሰው የታመመበትን ቀን ይረሳል፣ የልጁን ዕድሜ ይረሳል፣ ቀዶ ጥገና የተደረገበትን ጎን ሳይቀር ይስታል። ያፈረበትን ግን ማንም ረስቶ አያውቅም። ፖ ኡይ ያሉትን ጻፍ።»

አበምኔታችን ክሩባ ኢንታ ወደ ካምሳይ ዞሩ። «የእጁን ስሕተት በሕዝብ ፊት ያወጣ ሰው በዚያው ቀን ውሸት አይጨምርበትም» አሉ። «ጻፍ።» ካምሳይ ጻፈ። ሲንግካምም የስሕተቱ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ከሥሩ ፈረመ፤ ከዚያ አንስቶ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

ማክሰኞ ጧት ጌታው በመኪና መጣ። የምዝገባ ሠራተኛዋ ካርድ ሳይኖረው አይገባም ብላ ሞገተች፤ ደንብ ደንብ ነው። ስም፤ የዝናብ ጌታ። ዕድሜ፤ ወደ መቶ ሰባ። አድራሻ በሚለው ላይ ካምሳይ «ሁዋይሳይ» ሲል ጠበቃው «ገና አልተወሰነም» አለ፤ ልጅቷም «ተመላላሽ» ብላ ጻፈች። የመንደሩ ሰው ግማሹ በኮሪደሩ ላይ ተንበርክኳል፤ ሳል ይዟቸው የመጡ ሕመምተኞችም አብረው ተንበረከኩ።

የቤተ መዘክሩ ሰዎች ምስሉን አልጋው ላይ ሊያጋድሙት ሲሉ ከኮሪደሩ ጩኸት ተነሳ። «ማንም አይተኛም» አልኩ። «ደረት ቁጭ ብሎም ይነሳል።» ከፍ ያለ ወንበር አመጣሁ፣ ነጭ ጨርቅ አለበስኩት። ክሩባ አበባና ሻማ ይዘው ይቅርታ ከጠየቁት በኋላ እሳቸውና አንድ መነኩሴ አነሱት። ሰውን ስናነሳ ደረቱን ነው ከራጁ ሳህን የምናስጠጋው፤ እሱ ግን ጉልበቶቹ አላስጠጉትም። ጀርባውን አስጠጋሁት። ቲክ ምንም ቢወፍር ከሰው ደረት የቀለለ ነው፤ ጨረሩን ቀነስኩ።

ጠበቃው ከኋላዬ ቆሟል። የዚያው መንደር ልጅ መሆኔን ያውቃል፤ ከመጀመሪያው እኔ እንዳልነካው ተከራክሮ ነበር። ስለዚህ «ግራ» የሚለውንና ፊልሙ ላይ አብሮ የሚወጣውን የእርሳስ ብረት ምልክት መዳፉ ላይ አኖርኩለት። «ይኸው፣ እርስዎ ይለጥፉት። በጌታው ግራ ትከሻ በኩል። ይጠንቀቁ፣ በእርስዎ ግራ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለ ተቆጥቶ። ቆም አለ፣ የራሱን እጅ አየ፣ የጌታውን እጅ አየ፣ ከዚያ በትክክል ለጠፈው። ሲንግካም በሩ ላይ ሆኖ ይህን ያይ ነበር።

ልማድ ሆኖብኝ «ትንፋሽዎን ይያዙ» አልኩ። ኮሪደሩ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ።

ፖስታዎቹ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ተከፈቱ። ሴትዮዋ በመጀመሪያ የባለሀብቱን አነበበች። የብር ልብ፣ በግራ ደረት፣ በሰሜኑ ልማድ መሠረት፤ ከሥሩም የአንድ ምሁር ፊርማ ነበረ። ቀጥላ የእኛን አነበበች። «የብር ልብ፣ የሙዝ አበባ ቅርጽ ያለው፣ በቀኝ ደረት። ጉበት በግራ። ሁሉም የተገላበጠ ነው። ስሕተቱ የእኔ የሲንግካም ነው።» መጨረሻው ላይ ድምጿ ዝግ አለ። ጠበቃው እፎይ ሲል አየሁት። ካምሳይ ዓይኑን ጨፍኗል።

ምስሉን ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። እንጨቱ እንደ ጭስ ሳስቶ ታየ፣ ዓመታዊ የእድገት ቀለበቶቹ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። በመካከሉ ብሩ ነጭ ሆኖ አበራ። አንጀቱ እንደ ቀጭን ሽቦ ተጠቅልሏል። ጉበቱ «ግራ» ከሚለው ምልክት ሥር ነው። ልቡ ከማዶው፣ በቀኝ፣ ጫፉ የሾለ የሙዝ አበባ።

ጠበቃው የመጀመሪያው ተናጋሪ ሆነ። «ፊልሙ ተገልብጧል።»

«ምልክቱን ማን ለጠፈው?» አልኩት። ይህንን ጥያቄ ስጠይቅ የተሰማኝን ደስታ ለመነኩሴ እንኳ አልናዘዝም።

ሴትዮዋ ጠበቃውን አየችው፤ እሱም ስክሪኑን አየ። ቦርሳውን ከዘጋ በኋላ እጆቹን አጋጥሞ ለጌታው ሰገደ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል አልጠላሁትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ስድሳ ሁለት ዓመት አደረ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ግንባሩን ወለሉ ላይ ሲደፋ ድምፁ ብቻ ተሰማ። ካምሳይ ሲንግካምን አቅፎ ሊያነሳው ሞከረ፣ አቃተውና ሁለቱም አብረው ቁጭ አሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጌታው በትከሻ ወደ መንደር ገባ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ውሃ የያዘ ሁሉ ረጨው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተወለዱ ልጆች እንዴት እንደሚረጭ ከእናቶቻቸው እያዩ ረጩ። ስሚንቶው ወደ ጎን ፈቀቅ ተደርጎ ዙፋኑን አስረከበ። ሲንግካም ወደ ምሰሶው ጀርባ ሊሄድ ሲል ክሩባ አስቆሙት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ ለሕዝቡ። «ከፈለጋችሁ ዓይኑን በሰም ሸፍነን፣ ጀርባውን ከፍተን ልቡን ወደ ግራ እናዞረዋለን። እንደገናም እናስተምረዋለን። የእናንተ ነው፤ ተናገሩ።»

ሲንግካም መቁጠሪያውን በጡጫው ጨብጦ ቆሟል። ያን ጊዜ ሜ ኡይ ቡዋካይ እየተንፏቀቀች ከዙፋኑ ፊት ቀረበችና ተንበረከከች። የግራ መዳፏን በገዛ ልቧ ላይ አደረገች። ቀኝ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደፊት ዘረጋችና፣ ከራሷ ልብ ትይዩ ወዳለው ወደ ጌታው ደረት አመለከተች።

«እዩት» አለች። «ከፊቱ ስቀመጥ ልቡ ከልቤ ትይዩ ነው። የሌላው አገር ጌታ ልቡ ከሰጋጁ በአግድሞሽ ነው፤ የእኛ ፊት ለፊት ነው የሚሰማን። የአምባሬን ብር የት እንዳደረግህብኝ ሳላውቅ የምሞት መስሎኝ ነበር። በደንብ አድርገኸዋል ሲንግካም። አትነካኩት።»

ሰዉ አንድ በአንድ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። እኔም አደረግሁ። ሙያዬ ነውና ልኬቱን አረጋገጥኩ፤ ትክክል ነበር።

ዝናቡ የጣለው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ካምሳይ የአየር ትንበያውም ይህንኑ ብሎ ነበር ይላል፤ ይበል። ሲንግካም ግን ዝናቡን አልጠበቀም። ያን ከሰዓት ከምሰሶው ጀርባ የኖረችውን ምንጣፉን ጎትቶ ከዙፋኑ ፊት፣ ከቡዋካይ ጎን አነጠፋት። እስኪቀመጥ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ጡጫውን ፈታ፣ ቅዳሜ የቆመችውን ፍሬ በጣቱ ፈልጎ አገኘና ወደ ቀጣይዋ አለፈ።